ቁልቁለቱን የሚይዘው ሞተሩ ነው

ከጎሐ ጽዮን ወጥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ተሳቢ ገና የመጀመሪያውን ጥምዝ ሳይጨርስ ድምፁ ይለወጣል። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስቷል፤ ሞተሩ ዝም ማለት የሚገባው ይመስላል። ግን ከመኪናው ሆድ የታፈነ፣ ወፍራም፣ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በመኪና የተጓዘ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ብዙ ተሳፋሪ ሞተሩ የተጨነቀ ይመስለውና አብሮ ይጨነቃል። እኔም ልጅ ሆኜ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው ያ ድምፅ መኪናው ቁልቁል እንዳይንደረደር ሞተሩ ይዞ ሲያወርደው የሚሰማ መሆኑን የተረዳሁት። የሚያስፈራው ድምፁ ጠፍቶ በምትኩ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢናው ውስጥ ሲገባ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ጎጃም ከሚሄድ ሹፌር ጎን ተቀምጬ በረሃውን ወርጄ ነበር። ሹፌሩ አፋፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ዞረ፣ የተሳቢውን የአየር ጎማ መስመር በእጁ ነካካ። ሹፌሩ ደግሞ የአየር መለኪያው ሞልቶ እስኪቆም ጠበቀና ማርሽ አስገባ። ለምን እንደቆመ ስጠይቀው፣ “ማርሹን የምመርጠው እዚህ ነው። መሃል ላይ ሆነህ ልምረጥ ብትል መኪናው አይሰጥህም” አለኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሰው አነጋገር ለመረዳት ካደረግሁት ሙከራ የመጣ ነው ማለት እችላለሁ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ግማሹ መውረጃ ነው፣ ግማሹ መውጫ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,400 ሜትር ይደርሳል። በ20 ኪሎ ሜትር ሲካፈል፣ መንገዱ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 7 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። አሁን ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና አፋፉ ላይ ቆሟል እንበል። ያ ክብደት ያን ያህል ከፍታ ላይ በመቀመጡ ብቻ በውስጡ የተጠራቀመ ጉልበት አለው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያ ጉልበት የለም። የት ሄደ? ጥቂቱ በጎማው መፍተግና በነፋሱ ግፊት ያልቃል፤ የቀረው ግን አንድ መውጫ ብቻ አለው፤ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ በቤት ዕቃ ለመለካት ያህል፣ ስምንት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። አንድ ከባድ መኪና ዓባይ በረሃን በወረደ ቁጥር ስምንት በርሜል ውሃ የሚያፈላ እሳት አንድ ቦታ ላይ ይነዳል።

ጥያቄው ሁሉ እሳቱ የት ይንደድ ነው።

ሹፌሩ የእግር ፍሬኑን እየረገጠ ከወረደ እሳቱ የሚነደው ጎማዎቹ ውስጥ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ታምቡር ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር ትልቅ የብረት ከበሮ ውስጥ፣ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች አሉ። ሹፌሩ ሲረግጥ አየር እነዚህን ቅስቶች ወደ ውጭ ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያፋትጋቸዋል። የስድስት አክስል መኪናና ተሳቢ ታምቡሮች ተደምረው ከ600 ኪሎ ብዙ አይርቁም። የዓባይ ቁልቁለት ሙቀት በሙሉ እነዚያ ብረቶች ውስጥ ቢገባና መውጫ ቢያጣ፣ ብረቱ ከሚቀልጥበት ሙቀት ያልፍ ነበር። ደግነቱ ነፋስ ያቀዘቅዛቸዋል። ነገር ግን ታምቡሩ በጎማና በቸርኬ ተሸፍኖ የተቀመጠ ነው፤ ሙቀቱን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። ከሚለቀው በላይ ከተቀበለ ሙቀቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ሙቀት ሲጠራቀም ሁለት ነገሮች ባንድ ላይ ይበላሻሉ። አንደኛው ሸራው ነው። እንደ ሸራው ዓይነት ቢለያይም፣ ሙቀቱ 300 ዲግሪን እያለፈ ሲሄድ መያዣነቱ ይቀንሳል። ሽታው የሚመጣው ያኔ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያውቀው የታምቡሩ መለጠጥ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ታምቡሩ ሲሰፋ ግድግዳው ከሸራው እየራቀ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ እሱን ለመድረስ ከቀድሞው የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። ዘንጉ ግን መጨረሻ አለው። በከባድ መኪና ላይ በብዛት የሚገኘው የአየር ፍሬን ዘንጉን የሚገፋው ስድስት ሴንቲ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ፍሬኑ በደንብ ካልተስተካከለ፣ ብርድ ሳለ እንኳ ዘንጉ አምስት ሴንቲ ሜትር ሄዶ ነው የሚይዘው። ሜዳ ላይ ሹፌሩ ምንም አይታወቀውም፤ ሲረግጥ መኪናው ይቆማል። ቁልቁለቱ መሃል ታምቡሩ ሲግልና ሲሰፋ ግን የቀረችው አንድ ሴንቲ ሜትር ታልቃለች። ዘንጉ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ሸራው ታምቡሩን ገና አልጨበጠም። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ የቻለውን ያህል ቢረግጥ የሚጨምርለት ነገር የለም።

“ፍሬን በጥሶ” እንላለን። አነጋገሩ አንድ የተበጠሰ ነገር እንዳለ ያስመስላል። እንዲህ ባለው አደጋ ግን ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ገመድም የፈነዳ ቱቦም የለም። ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፍሬኑም እንደገና ይይዛል። በመኪናው ላይ ስህተት የሚፈልግ ሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ መጥቶ ቢፈትሸው የሚሠራ ፍሬን ሊያገኝ ይችላል። ስህተቱ የተፈጸመው አፋፉ ላይ፣ ከባድ ማርሽ ሳይገባ፣ ሞተሩ ሥራውን እንዲሠራ ሳይደረግ ነው።

ፍጥነት እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት ተገቢ ነው። ያው 40 ቶን መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ብቻ ያለማቋረጥ 275 የፈረስ ጉልበት ያህል ኃይል መዋጥ አለበት። በ60 ቢወርድ ደግሞ ከ500 ያልፋል። በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት የምናያቸው ሲኖትራኮች ብዙዎቹ 371 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቁልቁለቱን መያዝ ማለት መኪናው ዳገት ለመውጣት ካለው ጉልበት ሁሉ የበለጠ ኃይል ወደ ኋላ መጎተት ማለት ነው። “ትንሽ ፈጠን ብል ምን አለበት” የሚል ሹፌር ያንኑ እሳት በግማሽ ጊዜ ውስጥ እያነደደ ነው።

እንግዲህ እሳቱን ከጎማዎቹ አውጥቶ ለሙቀት ወደተሠራ ቦታ መውሰድ ያስፈልጋል። በመኪናው ላይ ሙቀትን ዕድሜ ልኩን እንዲችል የተሠራው ነገር ሞተሩ ነው። ራዲያተር አለው፣ ውሃ አለው፣ የጭስ ማውጫ አለው።

ይሁንና የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ጥሩ ፍሬን አይደለም። ምክንያቱን ለማየት የብስክሌት ጎማ መንፊያ በቂ ነው። አፉን በአውራ ጣትዎ ድፍን አድርገው እጀታውን ወደ ታች ይግፉት። ሲገፉት አየሩ ይታመቃል፣ እጅዎን ይከብደዋል። ሲለቁት ግን እጀታው ራሱ ተመልሶ ይወጣል፤ የሰጡትን ጉልበት መልሶ ይሰጥዎታል። የናፍጣ ሞተር ሲሊንደር ነዳጅ ሳይገባው ሲዞር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየር ያምቃል፣ መኪናውንም ይይዘዋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን የታመቀው አየር መልሶ ይገፋዋል፣ የያዘውን ይለቀዋል። የተጣራው ትርፍ በሞተሩ መፋተግ የሚጠፋው ብቻ ነው። ለ40 ቶን መኪና ይህ አይበቃም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ብዙ ሹፌሮቻችን የሞተር ፍሬን ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው። በጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ ክብ ክዳን ይገባል። ሹፌሩ ቁልፉን ሲጫን ክዳኑ ይዘጋል፣ ነዳጅም ይቋረጣል። ሞተሩ የሚያስወጣውን አየር በተዘጋ በር በኩል ሊገፋ ይታገላል፣ በቧንቧው ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፣ ፒስተኑ በወጣ ቁጥር ያንን ግፊት ይጋፋል። መኪናው ይያዛል። መጀመሪያ ላይ የገለጽኩት የታፈነ ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። ገደብ ግን አለው። ግፊቱ ከመጠን ካለፈ የሞተሩን የጭስ ቫልቮች ከቦታቸው ሊያነሳቸው ይችላል፣ ስለዚህ አምራቾቹ ክዳኑን ድፍን አድርገው አይዘጉትም ወይም ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለታል።

ከዚህ የተሻለው ሐሳብ የመጣው ከፍርሃት ነው። ክሌሲ ከሚንስ የተባለው አሜሪካዊ፣ ስሙ ዛሬም በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ተጽፎ የምናየው ሰው፣ የናፍጣ ሞተር ለጭነት መኪና እንደሚሆን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1931 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በጭነት መኪና አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋረጠ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን የሚባለውን መተላለፊያ ሲወርዱ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አላቸው። ሞተሩ ናፍጣ በመሆኑ ማርሽ ቢያስገቡም በቂ አልያዘላቸውም። ከቁልቁለቱ ሥር መንገዱ ከባቡር ሐዲድ ጋር ይገናኛል፣ እዚያም ረጅም የጭነት ባቡር እያለፈ ነበር። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ ወዲያው መኪናው ሐዲዱን ተሻገረ። ከሚንስ ያን ቀን አልረሳውም። ሐሳቡን ወደ ሥራ የለወጠው ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከራሱ ኩባንያ ከወጣ በኋላ ነው። ምርቱም እ.ኤ.አ. በ1961 ጄከብስ በሚባል ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ዛሬም “ጄክ” የሚሉት ለዚህ ነው።

ሐሳቡን ለመረዳት ወደ ጎማ መንፊያው እንመለስ። እጀታውን ወደ ታች ገፍተው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት አውራ ጣትዎን ያንሱ። አየሩ ጡሽ ብሎ ይወጣል። አሁን እጀታው መልሶ አይገፋዎትም፤ የሰጡት ጉልበት ሁሉ በአየሩ ሄዷል። የከሚንስ ፍሬን የሚያደርገው ይህን ነው። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ጫፍ ሊደርስ ሲል የጭስ ቫልቩን ለቅጽበት ከፍቶ የታመቀውን ትኩስ አየር ወደ ጭስ ማውጫው ይለቀዋል። ፒስተኑ ሲወርድ የሚገፋው ነገር አያገኝም። ሞተሩ ነዳጅ አቃጥሎ መኪና የሚነዳ መሆኑ ቀርቶ፣ መኪናው ጉልበት አውጥቶ የሚያዞረው የአየር መጭመቂያ ይሆናል። ትልቁ ችግር ቫልቩን በትክክለኛዋ ቅጽበት መክፈት ነበር። ከሚንስ መልሱን ከራሱ ሞተር ውስጥ አገኘው። በሞተሩ ላይ ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ክፍል ልክ በዚያች ሰዓት የሚንቀሳቀስ ነበር። ያንን እንቅስቃሴ በዘይት ግፊት ወደ ቫልቩ እንዲተላለፍ አደረገው። ነዳጁ በተቋረጠ ጊዜ ሥራ የፈታው እንቅስቃሴ ፍሬን ሆነ።

ይህ ዓይነቱ ፍሬን በዘመናዊ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ሞተሩ ለመንዳት ከሚሰጠው ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይይዛል። ድምፁ ግን ከባድ ነው። እያንዳንዷ ሲሊንደር የታመቀ አየር ባንድ ጊዜ ስለምትተፋ፣ ማርሚታው የተበላሸ ወይም የተነሳ መኪና ላይ እንደ ተከታታይ ተኩስ ይሰማል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች መግቢያ ላይ የሞተር ፍሬን መጠቀም የሚከለክል ምልክት የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አፋፉ ላይ ቆሞ ማርሽ የመረጠው ሹፌር ነገር አሁን ይገባናል። የሞተር ፍሬን፣ የጭስ ክዳንም ይሁን የቫልቭ፣ ኃይሉ የሚመነጨው ከዙር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር የሚይዘውን በ1,100 ዙር ግማሹን እንኳ ላይዝ ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛ ማርሽና ከፍተኛ ዙር ያስፈልጋል። በብዙ መኪኖች የዙር ቆጣሪ ላይ ለዚህ ተብሎ የተቀባ ቀለም አለ። ቀዩን እስካልነካ ድረስ ሞተሩ የሚያሰማው ጩኸት ጉዳት የለውም። ቀዩን ካለፈ ግን ቁልቁለቱ ራሱ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ሊያዞረውና ሊሰብረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የእግር ፍሬን ተረግጦ ፍጥነቱ መቀነስ አለበት።

“በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚል የቆየ የሹፌሮች ምክር አለ። ምክሩ ለድሮ መኪኖች ትክክል ነበር፤ ጉልበታቸው ትንሽ ስለነበረ ዳገቱን ራሱ በዝቅተኛ ማርሽ ነበር የሚወጡት። የዛሬው መኪና ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ያንኑ ዳገት በከፍተኛ ማርሽ ይወጣዋል። በዚያው ማርሽ ቢወርድ ግን ሞተሩ አይዘውም። ስለዚህ ከወጣበት አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ዝቅ ብሎ መጀመር ይሻላል። መሃል ላይ ማርሽ መቀየር ለምን እንደሚያሰጋ ሹፌሩ ሲነግረኝ እጁን አንስቶ አሳየኝ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ከጎማው ይለያል። ፍጥነቱ ወዲያው ይጨምራል። የጨመረው ፍጥነት ዝቅተኛውን ማርሽ አያስገባም፣ የነበረበት ማርሽም አይመለስለትም። መኪናው 40 ቶኑን ይዞ በፎሌ ይቀራል።

ፎሌ ካነሳን፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ አሁንም ያለ ልማድ ነው። ልማዱ አደገኛ ብቻ ሳይሆን ስሌቱም የተሳሳተ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ቁልቁለት ሲወርድ፣ የናፍጣ ፓምፑ ነዳጅ ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሌላም ጉዳት አለው። የፍሬኑን አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር፣ በፎሌ ሲሆን ቀስ ብሎ ይሠራል። ሹፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጠ ሲሄድ አየሩ ከሚሞላው ይልቅ የሚወጣው ይበልጣል።

ሪታርደር የሚባለው ሌላው መሣሪያ ከሞተሩ ውጭ፣ ከካምቢዮው በኋላ የሚቀመጥ ነው። ዘመናዊ የረጅም መንገድ አውቶቡሶችና አንዳንድ የአውሮፓ ጭነት መኪኖች አላቸው። የዘይቱ ዓይነት ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ምላጭ ያላቸው ጎማዎች አሉት፣ አንዱ ከመኪናው ጋር ይዞራል፣ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሹፌሩ ማንሻውን ሲስብ በመካከላቸው ዘይት ይገባል። የሚዞረው ዘይቱን በኃይል እየወረወረ፣ የቆመው እየመለሰበት መኪናው ይያዛል። ምንም ነገር ከምንም ነገር ጋር አይፋተግም፣ ስለዚህ የሚያልቅ ሸራ የለውም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውም አለ፤ ከፈረንሳይ የመጣው ቴልማ ከታወቁት አንዱ ነው። በዚያኛው ውስጥ ማግኔት ሆነው የሚሠሩ መጠምጠሚያዎች በአጠገባቸው የሚዞረውን የብረት ሳህን ሳይነኩት ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1855 ፈረንሳዊው ሊቅ ፉኮ ያገኘው ነገር ነው፤ ብረት በማግኔት ፊት ሲዞር በውስጡ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና ያ ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴውን ይቃወማል።

ሪታርደር ጸጥ ያለና ለአያያዝ ለስላሳ ነው። ግን ጉልበቱ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው፤ በጣም ቀስ ሲሉ ይዳከማል። የዘይቱ ዓይነት ደግሞ ሙቀቱን የሚያስወግደው በሞተሩ ራዲያተር ነው። ሹፌሩ በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር እየወረደ ሪታርደሩን ብቻ ከተማመነ፣ የውሃ ፓምፑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ውሃው ይግላል። መሣሪያው ራሱን ለመጠበቅ መያዙን ይቀንሳል፣ ቁልቁለቱ ገና መሃል ላይ ሳለ። እዚህም ላይ መልሱ ያው ዝቅተኛ ማርሽ ነው።

አውሮፓውያን ይህን ነገር በሕግ አስገብተውታል። ለከባድ መኪኖች ፍሬን በወጣው ደንብ መሠረት፣ የረጅም መንገድ አውቶቡሶችና አደገኛ ጭነት የሚጭኑ መኪኖች በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ 6 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር ፍሬን ሳይነካ በሞተር ፍሬን ወይም በሪታርደር ብቻ መያዝ እንዲችሉ ይፈተናሉ። ቁልቁለቱ ልክ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። ርዝመቱ ግን የኛ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ሁለቱም መሣሪያዎች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፣ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የሚይዙት ሞተሩ የሚነዳቸውን የኋላ ጎማዎች ብቻ ነው፤ ተሳቢውን አይይዙም። መንገዱ በዝናብ ወይም በጭቃ ከተንሸራተተ፣ በተለይም መኪናው ባዶ ከሆነ፣ እነዚያ ጎማዎች መንሸራተት ይጀምራሉ። ከኋላ ያለው ተሳቢ ገፍቶ ጎታቹን በጎን ሊያጥፈው ይችላል። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የሞተር ፍሬኑን ቀንሶ ወይም አጥፍቶ፣ ከመጀመሪያውም በጣም ዝግ ብሎ መውረድ ይሻላል።

የእግር ፍሬኑ ታዲያ ምን ይሠራል? ፍጥነት ያርማል፣ ሲያስፈልግም ያቆማል። በአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መማሪያ የሚያስተምረው አረጋገጥ እንዲህ ነው። ሹፌሩ ለመንገዱ ደህና የሆነ ፍጥነት ይወስናል፣ 40 እንበል። መኪናው 40 ሲደርስ መቀነሱ እስኪታወቅ ድረስ ጠንከር አድርጎ ለሦስት ሰከንድ ያህል ይረግጣል፣ ፍጥነቱ 32 ገደማ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይለቃል። 40 እስኪደርስ እንደገና አይነካውም። እግርን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ቀስ አድርጎ እየያዙ መውረድ የተሻለ ይመስላል፤ ግን ታምቡሮቹ የሚቀዘቅዙበትን ዕረፍት አያገኙም። ደግሞም በቀላል ግፊት የሚይዙት አንዳንዶቹ ጎማዎች ብቻ ስለሚሆኑ ሙቀቱ ሁሉ በእነሱ ላይ ይወድቃል።

ህዳሴ ድልድይ ሳንደርስ ሹፌሩ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ መዳፉን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ እያስጠጋ፣ ሳይነካ፣ ሙቀቱን እየሰማ ዞረ። የተሳቢው አንድ ጎማ ቀዝቃዛ ነበር። ረዳቱ ሄዶ ነገረው። እኔ ቀዝቃዛ መሆኑ ጥሩ መስሎኝ ነበር፤ ሹፌሩ ግን ፊቱ ተለወጠ። ሌሎቹ ሁሉ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ ያ ጎማ ፍሬን አልያዘም ማለት ነው፤ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ተሸክመውለት ነው የወረዱት። ደጀን እንደገባን ጭነቱን ሳያራግፍ ገራዥ ወሰደው።

መኪና ላላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የጭስ ፍሬኑ ክዳን በጥላሸት ተይዞ መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ሹፌሩ ቁልፉን ይጫናል፣ መብራቱ ይበራል፣ ክዳኑ ግን አይዘጋም። ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ሲጫን፣ ሌላው ከጎን ሆኖ በቧንቧው ላይ ያለው ማንሻ ሲንቀሳቀስ ማየት ብቻ ነው። ካልተንቀሳቀሰ አስጠግኑት እንጂ “የእግር ፍሬኑ ይበቃል” ብላችሁ ወደ በረሃው አትላኩት። ያ መኪና በዚያ ቁልቁለት ላይ ብቻውን አይወርድም፤ ከፊቱ አውቶቡስ አለ።